የሊዙ ርክክብ

ሱሃይብ «መኪናዬ» ይለው የነበረው መኪና ሊዝ፣ ማለትም የሦስት ዓመት የኪራይ ውሉ፣ የተፈረመው በእህቱ በሐኪማ ስም ነው። ኢንሹራንሱም በእሷ ስም ነው። ሱሃይብ ወርሃዊውን ክፍያ ሲያዘገይም የሚደወለው ለእሷ ነው። ሱሃይብ ከሜሪላንድ ማዶ ባለችው አሌክሳንድሪያ ውስጥ ቤት የሚያሻሽጥ ኤጀንት ነው፤ ክሬዲቱ፣ የብድር ታሪኩ፣ ከተበላሸ ቆይቷልና በራሱ ስም መፈረም አይችልም። ከሦስት ዓመት በፊት «ደንበኛ ቤት ላሳይ በአሮጌ መኪና ይዤው ብሄድ ማን ያምነኛል?» ብሎ እናታቸውን ለመነ። እናታቸው ወይዘሮ እታለማሁም በተራቸው ሐኪማን ለመኑ። «ወንድምሽ አይደል? እሱ ሰው ሲሆን አንቺም ትኮሪያለሽ» አሏት። ሐኪማ ፈረመች።

ሰው መሆኑን ግን አላየችም። ያየችው በየሠርጉ አዳራሽ በር ላይ መኪናውን አግድም አቁሞ፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ የሚገባ ጎረምሳ ነው። ዕድሜው አርባ ሊሞላ ነው።

የሊዙ ጊዜ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ሐኪማ ደወለችለት። የምትሠራው ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ ነው፤ በምሳ ሰዓቷ ነበር የደወለችው።

«መኪናውን አምጣው። ከመመለሳችን በፊት ኢንስፔክተር መጥቶ በነፃ ያየዋል።»

«ለምን ብለሽ? ራስሽ ጠርተሽ ጉድለትሽን ታሳያቸዋለሽ?» ብሎ ሳቀ። «ማታ ሄደሽ ቁልፉን መኪናውን የወሰድንበት ዲለር ሳጥን ውስጥ ጣይና ሂጂ። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

«ሰው ሁሉ ማነው?»

«ሐኪሚ፣ ይሄ ቢዝነስ ነው፤ አንቺ አይገባሽም።»

ቢዝነሱ የሚገባው እሱ በመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት መኪናውን አመጣና፣ ከመኪናው ሳይወርድ ስልክ ማውራት ጀመረ። ሐኪማ በአፓርታማዋ ፓርኪንግ መኪናውን ዞራ አየችው። የኋላው በር መዳፍ በሚያህል ስፋት ሰርጎድ ብሏል። አንዱ ቸርኬ ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ጋር ሲፋጭ ኖሮ ዙሪያው ተፍቋል። የፊት ጎማዎቹ ጥርስ አልቋል። ውስጡ የፈረንች ፍራይ ሽታ አለው።

ኢንስፔክተሩ መጣ። የሊዝ ኩባንያው ሠራተኛ ሳይሆን ኩባንያው የሚልከው የሌላ ድርጅት ሰው ነው፤ ብዙ አያወራም። በሩ ላይ የጉዳት መጠን የሚለካበትን ካርድ ለጠፈ። ጉድጓዱ ከካርዱ ስለበለጠ ፎቶ አነሳው። ከካርዱ የምታንስ ሌላ ጭረት ግን አለፋት፤ «ይቺ በአጠቃቀም የምትመጣ ናት፣ አትከፍይባትም» አላት። የጎማውን ጥርስ በመለኪያ ለካ። በመጨረሻም ሁለተኛውን ቁልፍ ጠየቀ።

ሐኪማ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ቤት አለ» አለ ሱሃይብ።

«አምጣዋ!»

«አመጣለሁ አልኩ እኮ!»

አላመጣም። የት እንደጣለውም አያውቅም ነበር፤ ይህን ግን ከአፉ ለማውጣት ክብሩ አልፈቀደለትም።

ሪፖርቱ በኢሜይል ደረሰ። በሩ፣ ቸርኬው፣ ጎማዎቹ፣ ቁልፉ፤ ለእያንዳንዱ ዋጋ ተጽፎለታል። ሱሃይብ በስልኩ አየና «ሌቦች ናቸው፤ ሁሉንም ዲስፑት አድርጊው» አለ።

«በሩን ማን ነው የጎዳው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«እንግዲያው ምን ብዬ ነው የምከራከረው? ወንድሜ አያውቅም ብዬ?»

ሐኪማ መኪናውን ከመመለሷ በፊት ጉዳቱን ራሷ ብታሠራ እንደሚረክስላት ጠይቃ አወቀች። አናንዴል ያለ ጋራዥ በሩን ያለ ቀለም አቃናው፤ ቸርኬውንም አደሰው። ጎማዎቹን ሪፖርቱ በሚለው ልክና ደረጃ ቀየረች፤ የማይመሳሰል ርካሽ ጎማ ቢገጠም እንደገና ያስከፍላል። ደረሰኞቹን ሁሉ በስሟና በመኪናው ቁጥር አስጻፈች። ሱሃይብ ለዚህ ሁሉ የሰጣት አንድ ነገር ነው፤ ምክር።

የመመለሻው ቀን መኪናውን ይዛ ዲለሩ ጋ ስትደርስ ወንድሟ ቀድሟት ቆሟል። አጠገቡ ፍሬአብ አለ። ሊዙን መጀመሪያ ያዋዋላቸው ሻጭ ነው። ሸሚዙ ጠበብ ያለ፣ ፈገግታው ሰፋ ያለ ሰው ነው።

«እህቴ ሐኪማ! እንኳን ደህና መጣሽ። ቁልፉን ለእኔ ስጪኝና አንቺ ገብተሽ ቁጭ በይ፤ ወረቀቱን እኔ እጨርስልሻለሁ።»

«ቆይ» አለችና ስልኳን አውጥታ ቪዲዮ መቅዳት ጀመረች። ከፊት ባምፐር ተነሥታ መኪናውን ዞረችው፤ አራቱን ቸርኬዎች፣ ጣሪያውን፣ መስታወቱን፣ በዳሽቦርዱ ጥግ ያለውን የሻንሲ ቁጥርና የማይል ቆጣሪውን ቀዳች።

ፍሬአብ ሱሃይብን ጠቀሰው። «ሠርግ ነው እንዴ የምንቀርጸው?»

«ተዋት፣ እሷ እንደዚህ ናት» አለ ሱሃይብ። ሁለቱም ሳቁ።

ሐኪማ እስኪጨርሱ ጠበቀች። «አሁን ማይሉንና የተረከባችሁበትን ቀን የሚያሳየውን ወረቀት ፈርምልኝ። ኮፒውን እፈልጋለሁ።»

ፍሬአብ ፈረመ። ከዚያ ከሥሩ ሌላ ወረቀት አወጣ። አዲስ ሊዝ ነው፤ የእሷ ስም ተሞልቶበታል። በዲለሩ መስኮት በኩል አንድ አዲስ ነጭ መኪና ታጥቦ ቆሞ ይታያል።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሱሃይብ መርጦታል። ስሚኝ፣ መኪና ስትመልሺ ዲስፖዚሽን ፊ የሚባል አለ፤ መኪናውን ተረክበው ለሽያጭ የሚያዘጋጁበት ነው። ኮንትራክትሽ ላይ አለ። ሌላ መኪና ከእኛው ከወሰድሽ ግን ይነሣልሻል። በነፃ!»

«አየሽ? ገንዘብ ላተርፍልሽ ነው እኮ» አለ ወንድሟ።

ሐኪማ ወረቀቱን አየችው፣ ሱሃይብን አየችው። ሦስት ዓመት እንደገና ወርሃዊ ክፍያ ሲዘገይ፣ እንደገና ሲደወል ታያት። «ሳትጠይቀኝ ስሜን አስሞላህ?» አለችው ቀስ ብላ። ኮፒዋን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በባቡር ተመለሰች። ሱሃይብ በምን እንደተመለሰ አልጠየቀችም።

የሊዝ ኩባንያው ቢል በሳምንታት ውስጥ መጣ። ዲስፖዚሽን ፊው አለበት፤ የጠፋው ቁልፍ አለበት። እነዚህን ጠብቃቸው ነበር። ያልጠበቀችው ግን የታደሰው ቸርኬ እንደገና ዋጋ ተጽፎለት መቅረቡን፣ ደግሞም የፊት ባምፐር «ተሰንጥቋል» መባሉን ነው።

ስትደውል ያነሳችው ሴት «የመጨረሻው ኢንስፔክሽን ነው ማዳም፣ ሪፖርቱ የጸና ነው» አለቻት፤ ለሕፃን እንደሚናገሩት እያንዳንዱን ቃል እየነጠለች።

«ሙሉውን ሪፖርት ከነፎቶውና ከነቀኑ ላኪልኝ» አለች ሐኪማ።

ፎቶው ሲመጣ ባምፐሩ እውነትም ተሰንጥቋል። ግን ኢንስፔክሽኑ የተደረገው እሷ ካስረከበች ከስድስት ቀን በኋላ ነው። መኪናው ማን እንደነዳው በማይታወቅበት ግቢ ነው የከረመው። ቸርኬው ደግሞ አዲስ ፎቶ እንኳን የለውም፤ ከፊተኛው ሪፖርት የተሻገረው ያው የድሮው ፎቶ ነው፣ ከጀርባው የእሷው አፓርታማ አጥር ይታያል። ማንም ጎንበስ ብሎ አላየውም ማለት ነው። ሐኪማ ፎቶውን እያየች ብቻዋን «እንዲህ ነዋ!» አለች። ወንድሟን ስታይ የሚሰማት ያው ንዴት ተሰማት።

ደብዳቤ ጻፈች፤ በኢሜይልም በሪኮማንዴም ላከችው። ሁሉንም አልካደችም። ቁልፉንና ዲስፖዚሽን ፊውን እከፍላለሁ፤ ባምፐሩንና ቸርኬውን አልከፍልም አለች። የርክክቡን ወረቀት፣ የጋራዡን ደረሰኝ፣ ከቪዲዮው የወጡ ፎቶዎችን አያያዘች። ክርክሩ እስኪያልቅ ያን ሂሳብ የሰውን የብድር ታሪክ ለሚመዘግቡት ክሬዲት ቢሮዎች እንዳያስተላልፉባትም ጠየቀች። መልሱ አንድ አንቀጽ ሆኖ መጣ፤ «ጉዳይዎን መርምረናል፤ ክፍያው ትክክል ነው» ይላል። ያያያዘችውን አንዱንም አያነሳም። የከፈቱት አይመስልም።

ሱሃይብ ይህን ሲሰማ ደስ ያለው መሰለ። «ነግሬሽ ነበር። ያኔ ፈርመሽ ቢሆን ይሄ ሁሉ የለም።»

ሐኪማ ለሜሪላንድ ዓቃቤ ሕግ የሸማቾች ክፍል አቤቱታ አስገባች፤ ያንኑ ደብዳቤ፣ ያንኑ ማስረጃ፣ የኩባንያውንም አንድ አንቀጽ ጨምራ። ስልክ ላይ ማዳም ማዳም ይላት የነበረው ኩባንያ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲደርሰው ማንበብ ቻለ። የተስተካከለ ቢል መጣ፤ ባምፐሩና ቸርኬው ወጥተዋል። ይቅርታ የሚል ቃል ግን የለበትም።

በዚያው ሰሞን እሁድ፣ እናታቸው ቤት ሱሃይብ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ ጠበቃት። ወይዘሮ እታለማሁ አጠገቡ ናቸው።

«ፍሬአብ ደውሎ ነበር» አለ። «ጊዜው ገና አላለፈም። አሁንም አዲስ ከወሰድሽ ዲስፖዚሽን ፊው ይሰረዛል። ዝም ብለሽ ገንዘብ ከምትጥይ!»

«አንቺ ልጅ፣ እውነቱን ነው እኮ» አሉ እናታቸው። «ለባዕድ ከምትከፍይ ለወንድምሽ ይሁን። ያለ መኪና እንዴት ይሠራል?»

ሐኪማ ስልኳን አውጥታ እዚያው በፊታቸው ወደ ኩባንያው ደወለች፤ ማዳም የምትላት ሴት ስታነሳ የካርዷን ቁጥር በእንግሊዝኛ ቀስ አድርጋ አነበበችላት። ቁልፉንም ዲስፖዚሽን ፊውንም ከፈለች። ሂሳቡ መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲላክላትም ጠየቀች።

«አበድሽ?» አለ ሱሃይብ። «ሊቀርልሽ የሚችለውን?»

«በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ የከፈልኩት ገንዘብ የለም» አለችው።

«ስስታም ነሽ። ሁሌም ስስታም ነሽ።»

«እሺ።»

«ሰው ፊት አዋረድሽኝ። ፍሬአብ ምን ይለኛል?»

«ፍሬአብ?» አለች፤ ከልቧም ገረማት። «ፍሬአብ በራሱ ስም ይፈርምልሃ።»

ወይዘሮ እታለማሁ «ኧረ በአላህ ተዉ!» አሉና ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ለማን እንደፈረዱ አላሳወቁም። ሐኪማም ያንን ለማወቅ አልቆየችም፤ እናቷን ሳመችና ወጣች።

ሱሃይብ ለሁለት ወር አላነጋገራትም። በኋላ ግሪንቤልት ካለ ሰው አንድ ያረጀ መኪና በጥሬ ገንዘብ ገዛ፤ በስሙ። የጎኑ በር ሰርጎድ ያለ ነው ይባላል። ሐኪማ አላየችውም፤ እሱም ለደንበኞች ቤት ሊያሳይ ሲሄድ መኪናውን ሁለት መንገድ ወዲህ አቁሞ በእግሩ ሄዶ እንደሚቀበላቸው የነገሯት እናቷ ናቸው፤ እንድታዝንለት ብለው ነበር የነገሯት። ሐኪማ ግን አላዘነችም።