ሁለተኛው አድራሻ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ገመዴ ግን የተወጋችው በታናሽ እህቷ በኩል ነው፤ ለዚህ ነው የባሰባት። በራሷ የደረሰ ቢሆን ኖሮ ሆድ ይፍጀው ብላ ትተወው ነበር።

ገመዴ ያሏት መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የኔትወርክ ገመድ በመጎተት ስለጀመረች ነው። ከስምንተኛ ክፍል አላለፈችም። ዛሬ የሰርቨር ክፍሉ ቁልፍ አንገቷ ላይ ነው፤ የትኛው ማሽን ሊታመም እንደሆነ ከማራገቢያው ድምፅ ታውቃለች።

ታናሽየዋ ፕሮግራመር ነበረች፣ እዚያው። አምና የያዘችው ሥራ ከኢንተርኔት የሚወርዱ ፓኬጆች፣ ማለትም ሌሎች ሠርተው ያስቀመጧቸው የፕሮግራም ክፍሎች ያስፈልጉት ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ፋየርዎል ደግሞ ያልተፈቀደውን ሁሉ ከደጅ ይመልሳል። ስለዚህ ደብዳቤ ጻፈች። ሁለት አድራሻ ይከፈትልኝ አለች፤ አንዱ የፓኬጆቹ ዝርዝር ያለበት፣ ሁለተኛው ፋይሎቹ ራሳቸው የተቀመጡበት። የፋየርዎሉ ኃላፊ፣ ፊት ለፊት «ኢንጂነር»፣ ዞር ሲል «ዘበኛው» የሚሉት፣ አርባ ቀን አጉላላትና አንደኛውን ብቻ ከፈተ።

ዝርዝሩ መጣ፤ ፋይሉ አልመጣ አለ። ሁለቴ ቢሮው ሄዳ ነገረችው። እሱ ስብሰባ ላይ «እኔ ከፍቻለሁ። መጫን ካቃታት ሙያውን ትተወው» አለ። ሰው ሳቀ። በሳምንቱ ተሰናበተች። የሥራ ልምድ ወረቀቷ ላይም «በብቃት ማነስ» ብለው ጻፉባት፤ ያንን ያነበበ ቀጣሪ ሁሉ ወረቀቷን መለሰላት።

ገመዴ የደብዳቤውን ቅጂ በላስቲክ ሸፍና ከመፍቻዎቿ ሥር አስቀመጠች። ለማንም አልተናገረችም። ጠብታ ውሃ ድንጋይ ይበሳል ብላ ቁጭ አለች።

ዓመት ሊሞላ ሲል፣ አንድ ጠዋት ዘበኛው ሥራ አስኪያጁን አስከትሎ ሰርቨር ክፍል ገባ። ከዋናው ቢሮ ተቆጣጣሪዎች በአምስት ሰዓት ይመጣሉ፤ አዲስ ሰርቨር ላይ፣ ከዚያው ከፓኬጆቹ ቦታ የሚወርደው የሱ የክትትል ፕሮግራም ተጭኖ እንዲያዩ ይፈለጋል።

«ይሄ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው ጌታዬ። አምና ፋየርዎሉ ላይ የጻፍኩት የፈቃድ ሕግ አለ፤ ለዚህኛው ሰርቨር መቅዳት ብቻ ነው።»

ገመዴ ከትከሻው ኋላ ቆማ ስክሪኑን አየች። የተቀዳው ሕግ አምና የተጻፈበት ቀን አለው፤ ሥሩ አንድ አድራሻ ብቻ። እጇን አጣጥፋ ጠበቀች።

ዘበኛው የመጫኛውን ትእዛዝ ሰጠ። ዝርዝሩ መጣ። ፋይሉ ላይ ሲደርስ ፋየርዎሉ «የተከለከለ» ብሎ መለሰው። ማሽኑ አምስት ጊዜ ደጋግሞ ሞከረና ተወ። ሰውየው እንደገና አዘዘ። እንደገና ተመለሰ።

«ጥፋቱ የገመድሽ ነው» አላት ሳይዞር።

«የኔ ገመድ ዝርዝሩን አምጥቶልሃል፣ ኢንጂነር። ገመድ ፋይል ከዝርዝር አይመርጥም።»

አራት ሰዓት ተኩል ሆነ። አንገቱ ላይ ላብ ወረደ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ። «ከፍቻለሁ አላልክም እንዴ?»

«ከፍቻለሁ ጌታዬ። እኔ እንጃ፣ ይሄ ፕሮግራም…»

«መጫን ካቃተው ሙያውን ይተወው» አለች ገመዴ፣ ማንንም ሳታይ።

ዘበኛው የራሱን ቃል አወቀው፤ ጆሮው ቀላ። ገመዴ የመፍቻዎቿን መሳቢያ ከፍታ ደብዳቤውን ለሥራ አስኪያጁ ሰጠችው። «ሁለተኛውን መስመር ያንብቡልኝ ጋሼ። እኔ ትምህርቴ አጭር ነው።»

ሥራ አስኪያጁ አነበበ። ስክሪኑን አየ፣ ደብዳቤውን አየ። «ሁለተኛውን ክፈተው።»

ከፈተ። ፋይሎቹ ተከታትለው ገቡ፤ ፕሮግራሙ ተጫነ። ገመዴ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ስታይ ነበር።

«አራት ደቂቃ» አለች። «እህቴን አርባ ቀን ነው ያስጠበቃት፤ ከዚያም አልከፈተላትም።»

«እሺ ገመዴ፣ ተቆጣጣሪዎቹ ይሂዱና እንነጋገራለን» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አይ ጋሼ። እንግዶቹ ሲገቡ ይቺ ደብዳቤ ወይ እርስዎ ኪስ ውስጥ ትሆናለች፣ ወይ እነሱ እጅ ላይ። የእህቴ የሥራ ልምድ ወረቀት አሁን ይታረም። የሚጽፈውም እሱ ነው፣ በገዛ እጁ፤ ጥፋቱ የማን እንደነበር ጭምር።»

ዘበኛው ሥራ አስኪያጁን አየ። ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን አውጥቶ አቀበለው።

ወንበር አላቀረበችለትም። ቆሞ፣ ሰርቨሩ ጀርባ ላይ ወረቀቱን ዘርግቶ ጻፈ። አንዴ ቀና ብሎ «ይቅርታ እኮ…» ሲል አቋረጠችው።

«ይቅርታህን ለሷ ሄደህ ትነግራታለህ። አንተ ጻፍ። የአባቷን ስም አትሳት።»