በምን አወቅህ?

ቆንጆ ነበርኩ። ይህን ስናገር አላፍርም፤ እኔ የሠራሁት ነገር ስላልሆነም አልኮራበትም። ዳባት ወፍጮ ቤት ተራ አስያዥ ሆኜ ስሠራ፣ ከራስ ጠጉሬ እስከ እግሬ ዱቄት ለብሼ እንኳ፣ ወንዱ ሁሉ አፉን የሚከፍተው በመልኬ ነበር። «ዓይንሽ!» «አንገትሽ!» «ጥርስሽ!» ገበያ ላይ በግ የሚገዛ ሰውም እንዲሁ ነው። ጥርሱን አይቶ፣ ላቱን በእጁ መዝኖ ነው ዋጋ የሚጠራው።

በደርግ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ባሰ። ጠመንጃ ያነገተ ሰው «ቆንጆ ነሽ» ካለ ሙገሳ መሆኑ ይቀርና ማስጠንቀቂያ ይሆናል። የገበሬ ማኅበራችን የአብዮት ጥበቃ አዛዥ ቢራራ ይባል ነበር። በወፍጮ ቤቱ በር ባለፈ ቁጥር ቆሞ ያየኛል። «ይህ ዓይን ለሌላ አይሆንም» ይላል፤ አብረውት ያሉት ይስቃሉ። እኔ አልስቅም ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን፣ በመጪው እሑድ ለአባቴ ሽማግሌ እንደሚልክ አስወራ።

አባቴ ገሠሠ ወሬውን ሲሰማ ምሳውን ትቶ ተነሳ። እምቢ ቢል ምን እንደሚመጣበት ያውቃል፤ ጎረቤታችን ከዚህ ባነሰ ነገር «አድኃሪ» ተብሎ ታስሮ ነበር። እሺ ቢል ደግሞ እኔን አጣ።

መውጫው አንድ ብቻ ነበር። በአገራችን ለጋብቻ ቃል የተሰጠባት ልጅ በሌላ ሰው አትጠየቅም። ይህን ያፈረሰ ሰው፣ ጠመንጃ ቢኖረውም፣ የገዛ እናቱ ትረግመዋለች። ስለዚህ እሑድ ሳይደርስ ለአንድ ሰው ቃል ሊሰጥብኝ ይገባል። ለማን? ደባርቅ የምትኖረው አክስቴ አረጋሽ ሦስት ሰዎች አሰበችልኝ። አንድ ነገር ግን አባቴን ለምና አስፈቀደች፦ እኔ ጤናዬ ራሴ ሳላነጋግረው ለማንም እንዳልሰጥ።

እህል በጫነ መኪና ተሳፍሬ ደባርቅ ወጣሁ። ከቢራራ ለማምለጥ ብዬ ያገኘሁትን ባል እሺ ብል፣ ከድጡ ወደ ማጡ መግባቴ ነው። ለአክስቴ ይህን ስነግራት፣ «አንቺ ደግሞ! ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል» አለችና ሳቀች። ለእኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

መጀመሪያ የመጣው ነጋዴ ነበር። ገና ሳይቀመጥ፣ «እንዲህ ያለ አንገት ወርቅ ይወድቅበታል እንጂ ዱቄት!» አለ። ሰው እንዲህ ሲለኝ የምመልሰው ይጠፋኛል። «እግዜር ይስጥልኝ» ካልኩ የተቀበልኩ ይመስላል፤ ዝም ካልኩ «ኮራች» ይባላል፤ «አይደለሁም» ካልኩ ደግሞ ድገመው ማለቴ ነው። በየትም በኩል ወሬው እዚያው ይሞታል። ነጋዴው ወሬ ሲያልቅበት አንገቴን ደገመና ጥርሴንም ጨመረልኝ። ሸኘሁት።

ሁለተኛው ጎንደር ቢሮ የሚሠራ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ ሰው ነበር። እሱ ብልጥ ነው። ስለ መልኬ አንድም ቃል ሳይተነፍስ፣ «ብልህ ልጅ ነሽ፤ አስተዋይ ነሽ፤ ገና ሳይሽ ገባኝ» አለኝ። ለትንሽ ጊዜ ልቤ ተነሳ። ቀጥሎ ግን ጠረጠርኩ፤ አንዲት ቃል ሳልናገር ብልህነቴን ከየት አመጣው?

«በምን አወቅህ?» አልኩት።

ግራ ገባው። ጣሪያውን አየ፤ ጫማውን አየ። መጨረሻ ላይ፣ «ከፊትሽ ያስታውቃል!» አለ።

አክስቴ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ስታፍን የነበረው ሳቅ አመለጣት። እኔ ግን ተናደድኩ። ሰውየው የያዘው ያንኑ መልኬን ነው፤ ስሙን ብቻ ለውጦታል። ለማንኛዋም ሴት የሚባል ምስጋና ለእኔ ምን ያደርግልኛል? እሱም ሄደ። የቀረው አንድ ሰው ነበር፤ ቀኑም ዓርብ ሆኗል።

ሦስተኛው አለነ ይባላል። ከብት የሚከትብ ሠራተኛ ነው፤ መድኃኒቱን በበቅሎ ጭኖ በሳንቃ በር በኩል እስከ በየዳ ይወጣል። ፊቱን ብርድና ፀሐይ ተባብረው አክስለውታል። ገብቶ ተቀመጠ፤ ጠላ ተቀዳለት፤ አልጠጣም። ጉሮሮውን ጠረገና የተጠና ነገር እንደሚያነበንብ ሰው ቀጥ ብሎ፣ «ዓይንሽ የንጋት ኮከብ ይመስላል» አለ።

«ከዓይን ያውጣት በል እንጂ!» ብላ አክስቴ ከመጋረጃው ኋላ ጮኸች። በእኛ ዘንድ እንዲህ ሳይሉ መልክ ማድነቅ ዓይን መጣል ነው።

እኔ ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ሳብኩ። አበቃ አልኩ በልቤ። ዛሬ ዓርብ ነው፤ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ እሑድ ቢራራ ነው። እንባዬ መጣ።

አለነ ይህን አየ። ተስፋ ቆርጦ ይሁን ተሸማቆ እንጃ፣ ድምፁ ተለወጠ። «ይህ የእኔ ቃል አይደለም» አለ። «እትዬ አረጋሽ ናቸው፤ ስለ ዓይኗ ተናገር፣ ሴት ይህን ትወዳለች ያሉኝ። እኔ ልናገር ያሰብኩት ሌላ ነበር።»

ከመጋረጃው ኋላ የአክስቴ ሳል ተሰማ።

«ምን ነበር?» አልኩት፤ ቀና አላልኩም።

«በታኅሣሥ የደባርቅ ወፍጮ ሲበላሽ የእናቴን ጤፍ ይዤ ዳባት ወርጄ ነበር። ሰልፉ መንገድ ድረስ ወጥቷል። አንዲት ሴት ከቆላ ወጥታ፣ ሳይመሽባት ገደሉን መውረድ አለባት፤ ተራዋ ግን መጨረሻ ነው። እትዬ ውዱ የሚሏቸው ሴትዮ ደግሞ ማንም እንዳያልፍ ይጮሃሉ።»

እትዬ ውዱን የማያውቅ ዳባት የለም። ሲናገሩ የወፍጮው ሞተር ያፍራል።

«ታባርሪያቸዋለሽ ብዬ ስጠብቅ፣ ጠርተሽ ‹እትዬ ውዱ፣ እኔን ሰው አይሰማኝም፤ ተራውን እርስዎ ያስከብሩልኝ› አልሻቸው። በሩ ላይ እንደ ዳኛ ቆሙ። ወዲያው ደግሞ ‹ማን ይቅደም?› ብለሽ እሳቸውኑ ጠየቅሽ። ያችን የቆላ ሴት በገዛ እጃቸው ጎትተው አስገቧት። ሰው ፊት ሳታዋርጃቸው ዝም አሰኘሻቸው። መንገዱን ሁሉ ይህን እያሰብኩ ነው የተመለስኩት።» ቀጥሎም፣ «እንዴት መጣልሽ?» አለኝ።

ነጠላዬ ከግንባሬ መቼ እንደተመለሰ አላውቅም። ያን ቀን ያደረግኩትን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው፤ ሌላ ሰው አይቶታል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ከእኔ የሚያገኘው ነገር ሳይኖር፣ እሱም ምንም ሳይፈልግ፣ ከሰልፍ ውስጥ ቆሞ ያየው ነው። መልኬ ከእናቴ የመጣ ነው። ያችን ዘዴ ግን ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የምመልሰው ነበረኝ። ደግሞም ጠይቆኝ መልሴን ይጠብቃል።

«እትዬ ውዱ ክፉ ሰው አይደሉም» አልኩት። «ልጆቻቸው ከሄዱ ወዲህ የሚሰማቸው ሰው አጥተው ነው የሚጮሁት። የሚሰማቸው ካገኙ ለሰው ያዝናሉ።» ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ቀጠልኩ፤ ስለ ሌሎቹም አወራሁት፤ ማን ተራ እንደሚሰርቅ፣ ማን አፍሮ እንደሚቆም። እሱም እየሰማ በመሀል ይጠይቀኛል እንጂ ከአፌ አይነጥቀኝም።

ሆኖም ጥርጣሬዬ ጨርሶ አልወጣም። አፉ የተባ ሰው ስንቱን ያውቃል! «ያን ቀን ታዲያ ያጠፋሁት ነገር የለም?» አልኩት።

ያመነታ መሰለኝ። «አለ» አለ። «ግድግዳውን ተደግፋ፣ ልጅ ያዘለች ሴት ነበረች። የቆላዋን ስታስገቢ ተራዋ የተወሰደባት እሷ ናት። አልጮኸችም፤ ስላልጮኸች አላየሻትም።»

እውነቱን ነው። ሴትዮዋ ትዝ አለችኝ፤ ደነገጥኩም። ያኔ ነው ያመንኩት። ጉድለቴን አይቶ ያልሸፈነልኝ ሰው፣ ደግ ሥራዬንም ፈጥሮ አላወራልኝም ማለት ነው። «ከሌሎች ሴቶች ትለያለሽ» ብሎም ሌላዋን ሴት አልረገጠልኝም። ሳቄ መጣ።

«አክስቴ፣ ውጪ!» አልኳት። «እሺ ብያለሁ።»

ቅዳሜ የአለነ ሽማግሌዎች ዳባት ወርደው ከአባቴ ቃል ተቀበሉ።

እሑድ የቢራራዎቹ መጡ። ሦስት ሽማግሌዎች ደጃፉ ላይ ቆሙ። ወጉ እንደዚህ ነው፤ ጉዳያቸው ሳይሰማ አይቀመጡም፤ መጀመሪያ የላካቸውን ሰው ስም ጠርተው ይለምናሉ። ቢራራ ራሱ ከአጥሩ ውጭ ጠመንጃውን አንግቶ ይጠብቃል። እኔ ከጓዳ ሆኜ በቀዳዳ አያለሁ። የአባቴ እጅ ይንቀጠቀጣል።

ትልቁ ሽማግሌ፣ «አቶ ገሠሠ፣ የመጣነው…» ብለው ሲጀምሩ አባቴ ተነስቶ ሁለት እጁን ዘረጋ።

«እሰይ! እሰይ! በደስታዬ ቀን ነው የደረሳችሁልኝ! ትናንት ልጄን ለደባርቁ ለአለነ ቃል ሰጠሁ። ሳልጠራችሁ መጥታችሁ ልትመርቁልኝ ነው፤ ግቡ እንጂ፣ ለምን ትቆማላችሁ? ጠላ ቅጂ፣ ልጄ!»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከዚያ ፊታቸው ሲፈታ አየሁ፤ ተገደው የመጡ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። «እግዚአብሔር ያጽናው» አሉና ገብተው ተቀመጡ። አንደኛው ወጥተው አጥሩ ጋ ለቢራራ አንድ ነገር ነገሩት። ቢራራ መሬቱን በእግሩ ጫረ፤ ሄደ።

ሽማግሌዎቹ መርቀው ከሄዱ በኋላ አባቴ መደቡ ላይ ተዘርግቶ ተቀመጠ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። «ፈሪ ነኝ፣ ልጄ» አለ። «እጄ ሲንቀጠቀጥ አላየሽም? ሌላ ወንድ ቢሆን ፊት ለፊት እምቢ ይል ነበር።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። «አባባ» አልኩት፣ «ሽማግሌዎቹ የቢራራን ስም ሳይጠሩ ነው ቀድመው የመለሱላቸው። ስሙ ስላልተጠራ እምቢ የተባለ ሰው የለም። ያልተዋረደ ሰው ምን ብሎ ይበቀላል? ሽማግሌዎቹንም ከለማኝነት አውጥተው መራቂ አደረጓቸው። ይህን እንዴት አሰቡት?»

አባቴ ዞሮ አየኝ። በሕይወቱ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው ያለ አይመስለኝም። እንባው ከላቡ ጋር ወረደ፤ ከዚያ እየሳቀ ይነግረኝ ጀመር።