ነጩ ውስጥ የጠፋው አንድ እጅ

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ትንሽ የዘር መሞከሪያ ጣቢያ በ2003 ዓ.ም. አራት ቀለም በቆሎ እንድታወጣ ታቅዶላት ነበር። ያወጣችው ሦስት ነው። ይህም በግምገማው «ሰባ አምስት በመቶ አፈጻጸም» ተብሎ ተመዘገበ፤ ሰባ አምስት ያመጣ ሠራተኛ ደግሞ ለዲግሪ አይላክም።

ሳይላክ የቀረው ባንተአምላክ ነው፤ በዲፕሎማው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በቆሎ ሲያዳቅል የኖረ ቴክኒሻን። ዕድሜው ሠላሳ አራት ነው። የትምህርት ዕድሉ ከሠላሳ አምስት በላይ አይቀበልም። ስለዚህ የቀረው አንድ ዓመት ብቻ ነበር፤ ይህንንም ከማንም በላይ እሱ ያውቀዋል።

ዕቅዱን ያወጡት አስተባባሪው አቶ ዓለምብርሃን ናቸው። የማኔጅመንት ሰው ቢሆኑም ከአንድ የባዮሎጂ መጽሐፍ፣ ከአሥራ ስድስት እጅ «ዘጠኝ፣ ሦስት፣ ሦስት፣ አንድ» የሚል የዘር ክፍፍል አግኝተው አራት ሣጥን ያለው ሠንጠረዥ ሠሩ። ሐምራዊ፣ ቀይ፣ ነጭ ብለው ሞሉና ለአራተኛው ስም ቢያጡለት «ሌላ ቀለም» ብለው አሳተሙት።

ባንተአምላክ ቀዩን ከነጩ አዳቀለ። የመጀመሪያዎቹ ልጆች በሙሉ ሐምራዊ ወጡ። እነሱን በየራሳቸው ብናኝ አዳቅሎ፣ የደረሰውን ፈልፍሎ፣ ከመዝገብ ሠራተኛዋ ከእህተ ማርያም ጋር በትሪ ላይ ለቅመው ቆጠሩት። ሐምራዊ 911፣ ቀይ 297፣ ነጭ 404። ሌላ ቀለም የሚባል የለም።

«ከነጩ ውስጥ ደብዘዝ ያለ አይጠፋም» አሉ አቶ ዓለምብርሃን። «መቶ ያህሉን ወደ አራተኛው ሣጥን አሻግረውና እንገላገል።»

«ነጭ ነው እኮ፣ ጌታዬ። እንዲያ ብዬስ አልጽፍም።»

እህተ ማርያም ይህን ሰምታ ፈገግ አለች። በዚያ ቢሮ ቁጥር አላሻሽልም የሚል ሰው ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

በግምገማው ቀን ባንተአምላክ ሊያስረዳ ሞከረ። «አንዱ ዘረመል ፍሬው ቀለም ይኑረው አይኑረው የሚለውን ይወስናል። ሌላው፣ ቀለሙ ሐምራዊ ይሁን ቀይ የሚለውን። ፍሬው ከእናትም ከአባትም 'ቀለም አይኑር' የሚለውን ከወረሰ፣ ሁለተኛው ያሻውን ቢያዝ ሰሚ የለውም፤ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከአሥራ ስድስቱ እጅ ሐምራዊ ሊሆኑ የነበሩት ሦስቱና ቀይ ሊሆን የነበረው አንዱ ነጩ ውስጥ ተደምረው አራት ሆነዋል። ዘጠኝ፣ ሦስት፣ አራት ነው። የጠፋ የለም።»

ቤቱ በጥሞና አዳመጠው። ከዚያ አንዱ እጁን አውጥቶ የጠፋ ከሌለ ለምን እንደማይታይ ጠየቀ። ጥያቄው ገንቢ ነው ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተያዘ።

ባንተአምላክ በገነ። ማታ ወደ መኖሪያው ሲገባ ግን ሰውየው እንደ ዘበት የጠየቀው ትክክለኛ ጥያቄ መሆኑ ገባው። በበጋው መስኖ አርባ ነጭ ፍሬ ዘራ፤ ከጎኑም ዘሩ ያልተቀላቀለ ቀይ። የነጮቹን ወንዴ አበባ ነቀለ፤ ጢማቸው ብቅ ሳይል በወረቀት ከረጢት ሸፈናቸው፤ ሲደርሱም የቀዩን ብናኝ አራገፈባቸው። ቀዩ «ቀለም ይኑር» የሚለውን ይሰጣቸዋል፤ ሐምራዊ መውጣት አለመውጣቱን የሚናገረው ግን ነጩ ይዞት የቆየው ነው።

ሠላሳ ስድስት የበቆሎ ራስ ደረሰለት። ስምንቱ ድፍን ሐምራዊ፣ አሥራ ዘጠኙ ሐምራዊና ቀይ እኩል በእኩል የተቀላቀለባቸው፣ ዘጠኙ ድፍን ቀይ። እህተ ማርያም ዘጠኙን ለብቻ ደረደረቻቸው።

«የነጩ ሩብ» አለች። «ይኸው፣ ከአሥራ ስድስቱ አንዱ።»

ባንተአምላክ ከደስታው ብዛት እንባው መጣ፤ አላፈረበትም።

ለቀጣዩ ግምገማ ራሶቹን በጆንያ ይዞ ገባ። አቶ ዓለምብርሃን ቀዮቹን አገላብጠው አዩ፤ አራተኛው ሣጥን ተሞላ፤ አፈጻጸሙ መቶ በመቶ ሆነ። ተጨበጨበ።

«ይኼ እጅ ዓመት ሙሉ የት ነበር?» አሉ ከዚያ።

«ነጩ ውስጥ።»

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እንግዲያማ ደብቀኸዋል።»

ቤቱ ተወያይቶ በአንድ ድምፅ ተስማማ። ባንተአምላክ ግለ ሂስ ካደረገ ዘንድሮውኑ ለዲግሪ ይላካል፤ ካላደረገ ጉዳዩ ለከርሞ ይታያል። ለከርሞ ሠላሳ ስድስት ይሞላዋል።

ባንተአምላክ ተነሣ።

«የሥራ ውጤት ደብቄ በማቆየቴ ጥፋተኛ ነኝ» አለ።

እህተ ማርያም ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበረች። የሚያስተካክለው መስሏት ብዕሯን አንሥታ ጠበቀችው። አላስተካከለም። አጎንብሳ ጻፈችው፤ መስከረም ላይ ለዲግሪው ባሕር ዳር እስኪሄድ ድረስም ቀና ብላ አላየችውም።