የደሴው አልጋ

ወርቅነሽ ባሏን መጠርጠር የጀመረችው በደሴው አልጋ ነው።

ሸዋ ሮቢት ገበያው ዳር ሱቅ ያላቸው ባልና ሚስት ልጃቸው ከወባ ስለተረፈላቸው የግሸን ማርያም ስለት ነበረባቸው። ወርቅነሽ ጥላ ይዛ በገዛ እግሯ አምባውን ልትወጣ ተስላለች። ከዚያ ላሊበላን ተሳልመው በሁለት ሳምንት ሊመለሱ ነው። ያጠራቀሙት አንድ ሺህ አራት መቶ ብር ነበር። ዘውዴ ለመኪና ሦስት መቶ፣ ለጥላው መቶ ሃምሳ፣ ለክፉ ቀን መቶ አሥር አስቀድሞ አነሳ። የቀረውን ለአሥራ አራት ቢያካፍለው ለቀን ስድሳ ብር ደረሰ።

ቀኑ ሁሉ ግን እኩል አይደለም አለ። ግሸን ላይ ድንኳን ተጠግተው፣ በሶና ዳቦ ቆሏቸውን እየበሉ በሃያ ብር ይውላሉ። ከዚያ የሚተርፈው ወደ ደሴ ይዛወራል፤ ሁለት ሌሊት፣ የሃምሳ ብር አልጋ።

ክብሪት የሚቆጥር ሰው በሃምሳ ብር ሊተኛ ነው። ዘውዴ ከመጋባታቸው በፊት የደሴ አውቶብስ ረዳት ነበር። ረዳትና ደሴ፤ ሌላ ምን ምስክር ያሻል? ለምን እንደሆነ ስትጠይቀው “እናርፋለን” ብሎ አቀረቀረ፤ ማቀርቀሩ የባሰ አንገበገባት።

አልጋውን አሰረዘችው። ተሳላሚ የሚያድርበት አዳራሽ ወለሉ ላይ በአምስት ብር ይተኛል፤ በተረፈው ባለ ወርቅ ዘርፍ ጥላ ይገዛል።

“ወርቄ፣ ደሴ እኮ ቆላ አይደለም” አለ ዘውዴ።

“የሚያሞቅህ ሰው እንዳለማ ገብቶኛል።”

ዘውዴ ሂሳቡን እንዳለችው አስተካከለ። እሷም ዕድሜ ልኳን በረንዳ ላይ እንዳደረች ቆለኛ ነጠላና አንሶላ ብቻ ይዛ ተነሳች።

ደሴ ሲገቡ ያልለቀቀ የመስከረም ዝናብ ያካፋ ነበር። ማን ሰላም እንደሚለው ስትጠብቅ ዋለች፤ ማንም አላለውም። አመሻሽ ላይ “መጣሁ” ብሎ ከአዳራሹ ሲወጣ ግን ነጠላዋን ተከናንባ ተከተለችው። አንድ ግቢ ገባ። ከማዶ ቆማ፣ ነጠላዋ ከገላዋ እስኪጣበቅ ጠበቀችው። ሲወጣ ብርድ ልብስ ታቅፏል፤ አንድ ሽማግሌ ሊሸኙት ተከትለውታል።

ብርድ ልብሱ ለእሷ ነበር፤ ግን ዘግይቷል። ሲነጋ ደረቷ ተወጋ፣ ትኩሳቱ አንቀጠቀጣት፤ ሐኪሙም መንገድ ከለከላት። ዘውዴ ለክፉ ቀን ካስቀመጠው ከፍሎ በዚያው ግቢ ባለ ሃምሳ ብሩን አልጋ ያዘላት።

“የግሸን በዓል አይጠብቅም። ጥላውን እኔ ላድርስ?” አላት።

ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ባለ ወርቅ ዘርፉን ጥላ ይዞ ሲወጣ ለማልቀስ እንኳ ትንፋሽ አጠራት።

የአልጋው ባለቤት፣ እኚያ ሽማግሌ፣ ሻይ ይዘውላት ገቡ። ባሏን ከየት እንደሚያውቁት ጠየቀቻቸው፤ አሁንም አላመነችም።

“ረዳት ሆኖ መጀመሪያ የመጣ ዕለት፣ በሸሚዝ ብቻ አውቶብሱ ጣራ ላይ አድሮ እንዳንቺ ደረቱን ታሞ እዚሁ አልጋ ላይ ከረመ” አሏት። “ሲያቃዠው እናቱን እየጠራ ያለቅስ ነበር። ለማንም እንዳልናገርበት አስምሎኛል።”