ገቢ የሌላት ደንበኛ

ልጄ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ገቢ የሚባል ነገር የላትም። እኔ ደግሞ ባዶ ኪስ ከባንክ በር የሚያስመልስ መስሎኝ ነበር። ስለዚህ ተንቀሳቃሽ ሂሳብ ልትከፍት ሄደን ሠራተኛው «የገቢሽ ምንጭ?» ሲላት፣ እኔ ጥልቅ አልኩ።

«ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች!»

«እንግዲያው ደመወዟን የሚገልጽ ደብዳቤ ከአሠሪዋ ያምጡ።»

አሠሪ ከየት ልውለድ? ስፌት ቤቱ የኔው ነው፤ ከእኔና ከስፌት መኪናዬ በቀር ሠራተኛ የለበትም። ልጄ ክንዴን ያዝ አደረገችኝና፣ «እማዬ፣ ተዪ በናትሽ! ተማሪ ነኝ፤ ሥራ የለኝም» አለች።

ሠራተኛው ሳቅ አለ። «ታዲያ ምን ችግር አለው? ተማሪ ያለ ገቢም ይከፍታል። መታወቂያ፣ ፎቶ፣ የተማሪነት ደብዳቤና የአድራሻ ማስረጃ ይዘሻል?»

ሁሉንም ከቦርሳዋ አወጣች። የመብራት ቢሉን በእኔ ስም ስለሆነ መለሰላት፤ የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ግን የማደሪያዋን አድራሻ ይዟልና ተቀበለው። ልፈርምላት እስክሪብቶውን ብድግ ሳደርግ፣ «ሂሳቡ የእሷ ነው፣ እናቴ፤ ፊርማውም የእሷ ነው» ብሎ ወሰደብኝ። ወይ ጉድ! ሃያ ዓመት ሙሉ ለማን ነበር የምፈርመው?

«ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ብቻ እውነቱን ጻፊ» አላት።

ሳታመነታ «እናቴ» ብላ ጻፈች።

ገቢ የላትም ብዬ ያን ሁሉ ስዋሽላት፣ ለካ ገቢዋ እኔው ነበርኩ።