የጠዋቱ ምልክት

ጌትነት ጆሮ የተፈጠረለት ለጌጥ ነበር። ከፒያሳ በታች ባለው ብረታ ብረት ቤት አለቃው እሱ ነው፤ እሱ ያለው ይሆናል። ጠዋት የአንድ ወፍራም ካሬ ላሜራ እኩሌታ ለክቶ መሃሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገ። ከዚያ በኋላ በያጁ ዓለምነው ከምልክቱ በስተቀኝ ትልቅ ክብ ቀዳዳ በጋዝ ቆረጠ። ጌትነት ግን ላሜራው ተንጠልጥሎ የሚነሣበትን ቀለበት እዚያው የጠዋቱ ምልክት ላይ በየደው።

«አያ ጌትነት፣ ቀኙ እኮ ቀሏል። ሚዛኑ ወደ ድፍኑ ጎን አንድ ጋት ሸሽቷል፤ ቀለበቱም ወደዚያው ይሽሽ» አለ ዓለምነው።

«እኔን ልታስተምር?» ቡጢው ዓለምነው አፍ ላይ አረፈ። ልጁ ደም እየተፋ ተዘረረ።

ጌትነት የማንሻውን ሰንሰለት ቀለበቱ ላይ አያይዞ ራሱ ጎተተ። መጀመሪያ ባለ ቀዳዳው ጎን ብድግ አለ። ላሜራው መሬት እንደለቀቀ ድፍኑ ጎን ቁልቁል ተደፋ፤ አምስት ኩንታል ተኩሉ ብረት ተወዛውዞ መጣና በጠርዙ የጌትነትን ቅልጥም እንደ አገዳ ሰበረው።

ሠራተኞቹ ተሸክመው ባጃጅ ውስጥ ሲያስገቡት፣ እያቃሰተ ዓለምነውን ክንዱን ያዘው።

«ምነው አልነገርኸኝም?»

ዓለምነው መዳፉን ከፍቶ የወለቀ ጥርሱን አሳየው።