ማን ወከለሽ?

አፌ ቁልፍ የለውም። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ እናቴም ጎረቤቱም ሁሉ ይመሰክራሉ። የዚያን ቀን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስንወርድ እንኳ ስለ ውክልና ሕግ ሳወራ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ፣ «እህቴ፣ ጠበቃ ነሽ እንዴ?» አለኝ። «ገና ነኝ፣ ኢንሻአላህ» ስለው «ተከራካሪሽን አላህ ይርዳው» ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

የምንወርደው ለውድድር ነበር። የሕግ መውጫ ፈተና ደርሶብን፣ የደሴና የኮምቦልቻ ተማሪዎች በምርጫ ጥያቄ እንድንፋለም ጠበቃ ሸሪፋ አዘጋጁልን። ጥያቄውን የሚያወጡት እሳቸው፣ ዳኛዋም እሳቸው። ትክክለኛውን ፊደል መጥራት ብቻ አይበቃም፤ የቀሩት ሦስቱ ለምን እንደወደቁ መናገር አለብህ። ያሸነፈው ቡድን ደሴ ባለው ቢሯቸው የልምምድ ቦታ ያገኛል።

እኔ ይህን ቦታ እንደ ውሃ ተጠምቼዋለሁ። ለምን ቢባል አባዬ፣ አብዱልሐሚድ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ አሁን ደግሞ ቢስቲማ ከተማ ከሸሪኩ ከሱሌማን ጋር ሁለተኛ ሱቅ ሊከፍት ነው። እኔን ሳይጠይቅ ለሱሌማን፣ «ልጄ ኢክራ ትመጣለች፣ ሱቁን እሷ ትይዘዋለች» ብሎ ቃል ሰጠልኝ! ቢስቲማን አልጠላትም፤ ግን አምስት ዓመት ሕግ የተማርኩት ጨርቅ በሜትር ልለካ ነው? ተናደድኩ፣ አለቀስኩ፣ ምሳም አልበላም አልኩ። «ባሸንፍስ?» ስለው «መጀመሪያ አሸንፊ፣ ከዚያ እንነጋገራለን» አለኝ።

ቡድናችን ሦስት ነን። አለቃችን አቢጌል ናት፤ የፓስተር ልጅ፣ ዝምተኛ፣ አንድ ቃል ከማውጣቷ በፊት ሦስት ጊዜ የምታስብ። ሙንዚር አለ፤ እሱ ከፍርሃት ብዛት መጽሐፉን አቅፎ የሚቀመጥ ነው። ሦስተኛዋ እኔ። አቢጌል አዳራሹ በር ላይ እጄን ይዛ፣ «ኢኩዬ፣ በጌታ፣ ዛሬ ብቻ አፍሽን ያዢልኝ» አለችኝ። «ወላሂ ትንፍሽ አልልም» አልኳት። ያን ጊዜ ከልቤ ነበር።

አዳራሹ ጢም ብሏል። አባዬም ኮምቦልቻ ጨርቅ ሊጭን መጥቶ ኖሮ ከኋላ ቆሟል። ጠበቃ ሸሪፋ መነጽራቸውን ሰክተው ደንቡን ጮክ ብለው አነበቡ፦ «ቡድኑን ወክሎ የሚመልሰው አለቃው ብቻ ነው። አለቃው ከሰጠው ሥልጣን ውጭ የማንም ቃል ቡድኑን አያስገድድም። የተሳሳተ መልስ ከተመዘገበ ጥያቄው ወደ ሌላው ቡድን ያልፋል። ገብቷችኋል?» ሁለታችንም ቡድኖች «ገብቶናል!» አልን። ከሁሉም የጮኸው የኮምቦልቻዎቹ አለቃ እስራኤል ነበር።

ተጀመረ። የእኛ የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነበር፦ አንድ ሰው «ንብረቴን በሙሉ አስተዳድርልኝ» ብሎ ጠቅላላ ውክልና ብቻ ሰጠ። ወኪሉ ልዩ ሥልጣን ሳይሰጠው የማይችለው የቱን ነው? ሀ፣ የቤቱን ጣሪያ ማሳደስ። ለ፣ ቤቱን ለሁለት ዓመት ማከራየት። ሐ፣ ቤቱን መሸጥ። መ፣ የሚበላሽ ፍራፍሬ መሸጥ።

«ሐ!» አልኩ። እኔ! የወላሂው መሐላዬ ገና ከአፌ ሳይደርቅ! አዳራሹ ሳቀ፤ ጠበቃ ሸሪፋ ከመነጽራቸው በላይ አቢጌልን አዩ። አቢጌል ቀላች፤ ቢሆንም ተነስታ፣ «የቡድኑ መልስ ነው፣ ተቀብዬዋለሁ» አለች። ከዚያ ምክንያቱን እንዲናገር ወደ ሙንዚር ጠቆመች። ሙንዚርም ጣሪያ ማሳደስ ንብረት መጠበቅ ነው፣ እስከ ሦስት ዓመት ማከራየትም የማስተዳደር ሥራ ነው፣ የሚበላሽ ዕቃ መሸጥም እንደዚያው፣ ቤት መሸጥ ግን በስም ተለይቶ የተሰጠ ልዩ ሥልጣን ይፈልጋል ብሎ አንበለበለው።

ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። ወካዩ «ይህን ውክልና መቼም አልሽርም» ብሎ ቢፈርም መሻር ይችላል ወይ? «ሲፈልግ ይችላል፣ መ ነው!» ብዬ ፈነዳሁ። አቢጌል እግሬን በጫማዋ ረገጠችኝ፤ ተነስታ ግን «የቡድኑ መልስ ነው፣ ተቀብዬዋለሁ» አለች። ሙንዚር የቀሩትን ዘረዘረ፦ ሀ «ቃል ስለገባ አይችልም» ይላል፤ ወደቀ፣ እንዲህ ያለ ውል ዋጋ የለውምና። ለ «ወኪሉ ከተስማማ ብቻ» ይላል፤ ሐ ደግሞ «ፍርድ ቤት ከፈቀደ ብቻ»። ሁለቱም ወደቁ፤ መሻር የወካዩ የራሱ መብት ስለሆነ ማንንም አያስፈቅድም።

ኮምቦልቻዎችም ቀላል አይደሉም። እያንዳንዱን መለሱ። እኩል ለእኩል ሆነን የመጨረሻው ጥያቄ ለእኛ ደረሰ። ይህን ከመለስን አለቀ፤ ከሳትን ወደ እስራኤል ያልፋል፤ እስራኤል ደግሞ የሚምር አይደለም።

ጠበቃ ሸሪፋ አነበቡ፦ «የወፍጮ ባለቤት ማሽኑን እንዲያከራይለት ብቻ ለአንድ ሰው የጽሑፍ ውክልና ሰጠ። ወኪሉ በባለቤቱ ስም ማሽኑን ሸጠው። ገዢው የውክልናውን ወረቀት አንብቧል። ሽያጩስ? ሀ፣ ውክልና እስካለ ድረስ ባለቤቱን ያስገድደዋል። ለ፣ ባለቤቱ ሊያጸድቀው ወይም አልቀበልም ሊል ይችላል። ሐ፣ ከመነሻው የሞተ ነው፣ ባለቤቱ ቢፈልግም ሊያጸድቀው አይችልም። መ፣ ወኪሉ ራሱ ሻጭ ሆኖ ማሽኑን ለማስረከብ ይገደዳል።»

ሥልጣን የለውማ! ሥልጣን ከሌለው ሞቷል! «ሐ!»

«አይደለም!» አቢጌል ወንበሯን ገልብጣ ብድግ አለች። አቢጌል ስትጮኽ ያን ቀን ነው የሰማሁት። «የእኛ መልስ አይደለም! አልቀበለውም!»

አዳራሹ ተንጫጫ። እስራኤል ከወንበሩ ዘለለ። «ክብርት ዳኛ፣ ይሄማ አይሆንም! ሁለት ጊዜ ስትመልስ እሰየው ብለው ነጥብ በሉ። አሁን ነጥብ ስታስበላቸው አናውቃትም ይላሉ? ሥልጣን ያላት ያስመሰሏት እነሱ ራሳቸው ናቸው! ወካይ በአድራጎቱ ሌላውን ሰው ካሳሳተ ይጠየቃል! ሐ ይመዝገብ፣ ጥያቄው ለእኛ ይለፍ!»

ወይ ጉዴ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ቢስቲማ ጎዳናዋ፣ ሱቋ፣ የሱሌማን ፊት ሳይቀር ታየኝ። አባዬን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ጠበቃ ሸሪፋ ግን ፊታቸው በርቷል፤ ወላሂ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም። «ከጥያቄዬ የተሻለ ጥያቄ አመጣችሁልኝ! ተከራከሩበት። ደሴዎች፣ ማን ይናገርላችኋል?»

ሙንዚር መጽሐፉን ይበልጥ አቀፈ። አቢጌል ወደ እኔ ዞረች። ጥርሷን ነክሳ የምትሰድበኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። «ለዚህ ክርክር ብቻ» አለች፣ ቃል በቃል እየመረጠች፣ «ቡድኑን ወክላ ኢክራ ትናገር። ሥልጣን ሰጥቻታለሁ።»

በሕይወቴ ያለ ፈቃድ ስናገር ኖሬ ተናገሪ ተብዬ አላውቅም። «አብሽሪ» አለኝ ሙንዚር በሹክሹክታ።

«እስራኤል» አልኩ፣ «ደንቡ ሲነበብ የት ነበርክ?»

«እዚሁ።»

«ማን ብቻ ይመልሳል ተባለ?»

«አለቃው። ግን…»

«ገብቶናል ብለህ ከሁላችን በላይ የጮኸው ማን ነው?» ሰው ሳቀ። «ያስመሰለ ወካይ የሚጠየቀው በቅን ልቦና አምኖ ለተሳሳተ ሰው ነው። አንተ ምኑን ተሳሳትክ? ሥልጣን እንደሌለኝ በጆሮህ ሰምተሃል!»

«ሁለቴ ግን…»

«ሁለቴ አቢጌል ተነስታ ምን አለች? ‹ተቀብዬዋለሁ› አለች። የእኔ ቃል ብቻውን ቢበቃ ኖሮ መነሳቷ ለምኑ ነበር? ያለፈውን ማጽደቅ ለሚመጣው ፈቃድ መስጠት አይደለም!» ከዚህ በኋላ ያለውን መናገር አንገበገበኝ፤ ግን ተናገርኩት። «እንግዲህ እናንተ ፊት እመሰክራለሁ፤ ያንን ሐ ያልኩት እኔ፣ የማንም ወኪል ያልሆንኩ፣ አፌ ያመለጠኝ ኢክራ ነኝ። ቃሌ ቡድኔን አያስገድድም።»

እስራኤል ራሱን እየነቀነቀ ሳቀና ተቀመጠ።

«ተቃውሞውን አልተቀበልኩትም» አሉ ጠበቃ ሸሪፋ። «የሥልጣኑን ልክ የሚያውቅ ሰው ተታለልኩ ሊል አይችልም። አቢጌል፣ የቡድኑ መልስ?»

«ለ ነው» አለች አቢጌል። «ሀ ወደቀ፤ ውክልናው ለማከራየት ብቻ ነው፣ ገዢውም ወረቀቱን አንብቦ ያውቃል። መ ወደቀ፤ ወኪሉ የሸጠው በባለቤቱ ስም ነው፣ የራሱ ያልሆነውን አስረክብ አይባልም።» ወደ እኔ ዞረች። «ሐ ለምን እንደወደቀ ደግሞ ማስረጃው ይኸው አጠገቤ ተቀምጧል። ኢክራ ያለ ሥልጣን ሁለት ጊዜ መለሰች፤ እኔ አጸደቅኩት፤ ነጥቡ ሰሌዳው ላይ አለ። ያለ ሥልጣን የተሠራ ሁሉ የሞተ ቢሆን ኖሮ እኛ እዚህ ባልደረስን ነበር።»

አዳራሹ ፈረሰ ማለት ይቻላል! ፉጨት፣ እልልታ፣ ጭብጨባ! እኔ ራሴ በራሴ ላይ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ማስረጃው እኔ ሆኜ ተገኘሁ! አቢጌልን አንገቷን ይዤ ሳምኳት፤ ሙንዚር መጽሐፉን ወደ ላይ ወረወረው፤ እስራኤልም መጥቶ ጨበጠን።

ጠበቃ ሸሪፋ ግን ከመድረክ ወርደው ቀጥታ ወደ አባዬ ሄዱ። እኔም ሳቄን ዋጥኩ።

«አቶ አብዱልሐሚድ፣ አሰላሙ አለይኩም። ልጅዎ ሰኞ ቢሮዬ እንድትገባ እፈልጋለሁ። ቢስቲማ ትሄዳለች የሚባል ነገር ግን ሰምቻለሁ። ምን ይላሉ?»

አባዬ ኮፍያውን አስተካከለ። ለሱሌማን የተሰጠ ቃል አለ፤ የአባዬ ቃል ደግሞ ሰኞ ገበያ ላይ አይታጠፍም። እኔን አየኝ።

«ለሱሌማን ትመጣለች ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ዛሬ ሲገባኝ ግን፣ ማን ወከለኝ? እሷን ይጠይቋት። ሱሌማንን እኔው እነግረዋለሁ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አፌን ከፈትኩ። ምንም! አባዬን ሳየው ዕንባዬ ቀደመኝ። ያ ቁልፍ የሌለው አፌ፣ በዚያች ሰዓት አንዲት ፊደል ማውጣት አቃተው።

«ትመጣለች» አለች አቢጌል።

ጠበቃ ሸሪፋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት። «ማን ወከለሽ?»

«ማንም።»

ያኔ ነው ድምፄ የተመለሰልኝ።

«አጽድቄዋለሁ!» ብዬ ጮህኩ።